«ሰላም» ትለኛለች፣ ከዚያ ዝም

ጥያቄ

ውድ አማካሪ፣

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። ደሴ ያለው አባቴ ስኳርና ደም ግፊት አለበት። አብራው የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። 22 ዓመቷ ነው፣ በጣም እወዳታለሁ። ችግሬ ቴሌግራም ላይ «ሰላም» ብላ ትጽፍና ዝም ማለቷ ነው። ሌሊት እረፍት ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ያቺን አንድ ቃል ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል። «ምነው? አባዬ ደህና ነው?» ብዬ እጽፋለሁ። መልስ የለም። ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። በማግስቱ ነገሩ ሲገለጥ አንዴ የትምህርት ፎርም አሞላል ነው፣ አንዴ ያገለገለ ስልክ አለሽ ወይ ነው። አንድ ቀን ደግሞ «አይ በቃ ተይው» አለችኝ፤ ምን እንደነበረ እስካሁን አላወቅኩም።

ከሁለት ወር በፊት በጣም ደክሞኝ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ የላከችልኝን «ሰላም ብቻ ብላችሁ አትጠብቁ፤ የፈለጋችሁትን ጻፉ፤ የሰው ጊዜ ይከበር» የሚል ጽሑፍ የቤተሰብ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ስም አልጠራሁም። ግን ሁሉም ገባው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አንድ ቃል አልጻፈችልኝም። አክስቴ ደውላ «እዚያ ሄደሽ ሰላምታም ከበደሽ?» አለችኝ።

ተሳስቻለሁ? ሰው ለምንድነው የሚፈልገውን በአንዴ የማይናገረው? አሁንስ እንዴት ልመልሳት?

ሌሊት የምትሠራው እህታችሁ

መልስ

እህቴ፣

ከእጅሽ ልጀምር። አንድ ቃል አይቶ መንቀጥቀጥ የነርቭ ችግር አይደለም፤ ያደግሽበት ወግ ነው። እኛ ጋ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ቀድሞ ይሰማል፣ ተጠራርቶ ይሰባሰባል፣ ገና ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። በሩን የከፈተው ሰው ማንም አፉን ሳይከፍት ፊታቸውን አይቶ ያውቃል። ባሕር ማዶም ቢሆን ይኸው ነው። ሀገር ቤት ያለው ዘመድ ለሐዘንተኛዋ አይደውልም፤ ለጓደኛዋ ይደውላል፤ ጓደኞቿ ተሰብስበው ቤቷ ይመጣሉ። ስለዚህ ከነገሩ በፊት የሚመጣውን ዝምታ ማንበብ ሁላችንም ተምረናል። አባቷ የታመመባት ልጅ በሌሊት «ሰላም» የሚል ቃል አይታ ከኋላው ምንም ስታጣ፣ የሰማችው ያንን የበር መንኳኳት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ደሴ ልውሰድሽ። ልጅቷ «ሰላም» ብላ ስትጽፍልሽ አባትሽ አጠገቧ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሊሆን ይችላል። ደህና መሆናቸውን በዓይኗ እያየች ነው የምትጽፈው። ላንቺ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ለእሷ ጥያቄም አይደለም። እሷ የምታስበው ሌላ ነገር ነው፤ «አሁን ትመቻት ይሆን? እንዴት ብዬ ልጀምርላት?» እያለች ነው።

ሰው ለምን የፈለገውን በአንዴ አይናገርም ላልሽው፣ አንድ የማውቀውን ጥናት ልንገርሽ። ኢማኑኤል ሼግሎፍ የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ፣ ሰዎች በስልክ ንግግር ሲጀምሩ ምን እንደሚያደርጉ መርምሮ 1968 ላይ አሳተመ። እጁ ላይ የነበሩት አንድ ፖሊስ ጣቢያ የተቀበላቸውና የደወላቸው፣ ወደ 500 የሚጠጉ የስልክ ንግግሮች ናቸው። መጀመሪያ ያገኘው ሕግ ቀላል ነበር፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ቀድሞ ይናገራል። ከዚያ ሁሉ ጥሪ ይህን ሕግ ያፈረሰችው አንዲት ብቻ ነበረች። ፖሊሱ ደወለ። ስልኩ ተነሳ። ያነሳው ግን አልተናገረም። አንድ ሰከንድ ያህል አለፈ። ያኔ የደወለው ፖሊስ ራሱ «ሀሎ» አለ።

አንዲት ጥሪ ናትና ትቶ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፋትም። እሷን ደጋግሞ ሲመለከት ነው ነገሩ የተገለጠለት። ለካ የመጀመሪያው ንግግር «ሀሎ» አይደለም፤ የስልኩ ጩኸት ራሱ ነው። ጩኸቱ «አለህ?» ማለት ነው። ያነሳው ሰው «ሀሎ» ሲል «አለሁ» ማለቱ ነው። ያ ፖሊስም «አለሁ» የሚለውን ስላጣ ድጋሚ ጠራ እንጂ ሰላምታ አልሰጠም።

ይህን እኛ ያለ ጥናትም እናውቀዋለን። እናትሽ ከጓዳ ስምሽን ስትጠራ «አቤት» ትያለሽ። «አቤት» ሳትይ ጉዳዩን አትነግርሽም። «አቤት» ካልሽ በኋላ ደግሞ ዝም ማለት አትችልም፤ የጠራችበትን የመናገር ዕዳ አለባት። ስምን ጠርቶ «አቤት» ከተባለ በኋላ ዝም የሚል ሰው ቢኖር ምን ያህል ግራ እንደሚገባሽ አስቢው።

የልጅቷ «ሰላም» እንግዲህ ይኸው ነው። ስምሽን መጥራቷ ነው። የምትጠብቀው «አቤት» የሚለውን ነው። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ጊዜሽን መናቅም አይደለም። በአፍ ሲሆን እንከን የለበትም፤ ከ«ሰላም ነው?» እስከ ጉዳዩ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ችግሩ ጥሪው የገባበት ቦታ ላይ ነው። ስልክ ሲጮህ ቆይቶ ያቆማል። በር የሚያንኳኳ ሰውም መልስ ሲያጣ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ የተጻፈ «ሰላም» ግን አይቆምም። ልጅቷ ስልኳን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ከሄደች በኋላም አንቺ ጋ ይጮኻል። አንቺ «አቤት» ስትይ ደግሞ የጠራሽ ሰው እዚያ የለም። ሰዓቱ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን የዚያን የፎርሙን ነገር ወስጄ ልቁጠርልሽ። በእናንተ በጋ ሰዓታችሁ ከሀገር ቤት በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ በክረምታችሁ በ8። በጋውን ልያዝና ሁሉንም በሀገር ቤት አቆጣጠር ልበለው።

ማክሰኞ ደሴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ «ሰላም» አለች እንበል። አንቺ ጋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ ሥራ ላይ ነሽ። ስትወጪ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ «ሰላም ነው? ምነው?» ትያለሽ። ደሴ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኗል፤ ክፍል ውስጥ ናት፣ ወይም ፓኬጇ አልቋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ታየውና «ደህና ነን፣ አንቺስ? ልጆቹስ?» ትላለች። አንቺ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ሠርተሽ ተኝተሻል። 10 ሰዓት ላይ ተነስተሽ «ደህና ነን» ትያለሽ። አሁን እሷ ተኝታለች። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» ትላለች። አንቺ ከሥራ ስትወጪ «ጠይቂኝ» ትያለሽ። ጥያቄው የሚመጣው ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ነው። ከመጀመሪያው «ሰላም» 36 ሰዓት አልፏል። መልስሽን የምታነበው ሐሙስ ጠዋት ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ፣ ስምንት መልእክት፤ ጥያቄው ያለው በሰባተኛው ነው። እና ማናችሁም አላጠፋችሁም። እያንዳንዱ ቃል በትክክለኛው ሰው፣ በትክክለኛው ተራ የተባለ ነው።

«ታዲያ ሰላሙንም ጥያቄውንም አንድ ላይ ብትጽፈውስ?» ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፣ ወደዚያው እየሄድኩ ነው። ግን መጀመሪያ ለምን እንደሚከብዳት እንይ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ጎረቤት ልካኝ ታውቃለች። ብር ልበደር ነው የሄድኩት። ከመውጣቴ በፊት የምትነግረኝን አልረሳውም። «ገብተሽ ዝም ብለሽ እንዳትናገሪ። ደህና ዋላችሁ በይ። ቁጭ በይ ሲሉሽ ቁጭ በይ። ሲጠይቁሽ ብቻ ንገሪያቸው።» ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ። ቡና እየተፈላ ነበር። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። ሴትዮዋ ከባለቤታቸው ጋር ስለ ቤት ኪራይ ሲያወሩ ሰማሁ። ገንዘብ እንዳጠራቸው ገባኝ። በረካው ላይ ተነሳሁና «እማዬ ሰላም በያቸው ብላኝ ነው» ብዬ ወጣሁ። እናቴ አልተቆጣችም። «ደግ አደረግሽ» ነው ያለችው።

የሰላምታውን ጊዜ አየሽው? ጠያቂው ቤቱን የሚያይበት ጊዜ ነው። አይተሽ ካልመሰለሽ ሳትጠይቂ መመለስ ትችያለሽ። እንቢ ያለ ሰው የለም፣ የተዋረደም የለም። ነገ እንደገና ፊት ለፊት ትተያያላችሁ። ሰው «ሰላም» ብሎ ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ይህን ነው፤ ፊትሽን ለማየት። ደስ ብሎሽ ነው የመለስሽው? ደክሞሻል? የተጻፈ ጥያቄ ደግሞ አንዴ ከሄደ ሄደ። ሁለቱ ራይት ከታዩ በኋላ «ሰላም ልልሽ ነው» ብሎ መመለስ አይቻልም። ብታጠፋው እንኳ አንብበሽዋል፤ ስክሪንሾትም አለ። ቋንቋችን ራሱ ይህን ያውቃል። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» እንላለን፣ አሁን እየጠየቅን። ያቺ «ነበር» የመውጫ በር ናት፤ ፊትሽ ካልተፈታ «ይቅር» ለማለት የምታመች።

ሌላም አለ። ስልክሽ በማን እጅ እንዳለ አታውቅም። ቤት ብትሆኚና ልጅሽ ስልክሽን ይዞ ጨዋታ እየተጫወተ ቢሆን፣ «ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር» የሚለው መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ባለቤትሽም ጎን ተቀምጦ ይሆናል። እሷ ይህን ታስባለች። «ሰላም» የሚለው ቃል ማንም ቢያየው አያሳፍራትም።

አሁን «አይ በቃ ተይው» ወዳለችሽ ቀን ልመለስ። ያን ቀን የመለስሽላት «ምነው? አባዬ ደህና ነው?» ብለሽ ይመስለኛል። አንቺ እየፈራሽ ነበር። እሷ ግን ያነበበችው ምንድን ነው? ልመና ልትጀምር አፏን ስትከፍት ሰው ደንግጦ ሲያፈጥባት አየች። ያን ሁሉ ካስደነገጠች በኋላ «አይ፣ ስልክ ፈልጌ ነበር» ማለት እንዴት ይቻላታል? የፈለገችው ነገር በአንዴ ትንሽ ሆነባትና ዋጠችው። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፣ እሷን አላውቃትም። ግን እስቲ የዚያን ቀን መልእክቶች መልሰሽ አንብቢያቸው፤ «ተይው» ያለችው ከየትኛው ቃልሽ በኋላ ነው?

ግሩፑ ላይ ስለለጠፍሽው ጽሑፍ ሐቁን እነግርሻለሁ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለሥራ ባልደረቦች ነው የሚሆነው። እዚያ ጠያቂውም ተጠያቂውም ደመወዝተኛ ናቸው፤ ጥያቄው የሥራ ነው፣ እንቢ ቢባልም ማንም አይዋረድም። የአክስትሽ ልጅ ግን ስትጠይቅሽ ከታች ወደ ላይ እያየች ነው። ከጽሑፉ ይልቅ የጎዳት ደግሞ የተለጠፈበት ቦታ ይመስለኛል። አጎቶቿና አክስቶቿ ባሉበት ነው የታረመችው። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ነው፤ ጽሑፉ የሚለው «ጊዜዬን አትውሰዱብኝ» ነው። ያንቺ ችግር ጊዜ አልነበረም። ፍርሃት ነበር። «ሰላም» ስትለኝ አባዬ የሞተ ይመስለኛል ብለሽ ነግረሻት ታውቂያለሽ? እኔ የምጠረጥረው፣ ይህን እስካሁን ማንም አልነገራትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ንገሪያት፣ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ። በአክስትሽም በኩል አይሁን። እሁድ አንቺ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ደሴ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ ሁለታችሁም ነቅታችሁ ያላችሁበት ጥሩ ሰዓት ነው። ከመደወልሽ በፊት ግን አጭር መልእክት ላኪላት፤ «እሁድ በ10 ሰዓት እደውልልሻለሁ፣ ክፉ ነገር የለም፣ ናፍቀሽኝ ነው» የሚል። አንቺ ከእሷ የምትፈልጊውን ነገር አንቺው ቀድመሽ ታደርጊላታለሽ ማለት ነው። ስትደውዪ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። በራስሽ አነጋገር እንዲህ ብትያት ይበቃል፤ «ግሩፑ ላይ የለጠፍኩት ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ። ሰላምታሽ ከብዶኝ አይደለም። ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሰላም የሚለውን ብቻ ሳየው አባዬ አንድ ነገር የሆነ ይመስለኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል።» ከዚያ እሷ ትናገር።

ፍርሃቱን ራሱ ለመቀነስ ደግሞ አንድ ስምምነት ያስፈልጋችኋል። አባትሽ ቢታመሙ ማን እንዲነግርሽ ትፈልጊያለሽ? በምን መንገድ? ይህን ማሰብ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን አንዴ ከተወሰነ ሌሊቱ ይቀልልሻል። ለምሳሌ አባባ ሆስፒታል ከገቡ በስልክ ጥሪ ብቻ ነው የሚነገርሽ፣ በጽሑፍ አይሆንም ብላችሁ ተስማሙ። የልጅቷን ቁጥር ስልክሽ ዝም በተባለበት ሰዓትም እንዲጮህ አድርጊው፤ አብዛኞቹ ስልኮች ለተመረጡ ቁጥሮች ይህን ይፈቅዳሉ። ስልክሽ ሎከር ውስጥ ለሚቆይበት ሰዓት ደግሞ ሜሪላንድ ያለች አንዲት ጓደኛሽን ቁጥር ስጫት፤ ጓደኛሽም የሥራ ቦታሽን ስልክ ትያዝ። ይህ ሲያልቅ ቴሌግራም ላይ የሚመጣ «ሰላም» ከዚያ ወዲያ መርዶ ሊሆን አይችልም። ሰላም ብቻ ይሆናል።

ከዚያ ወደ አጻጻፉ ትመጣላችሁ። «ሰላም አትበዪ» አትበያት። ሰላምታ የእግዜር ነው፤ ለምን ይቀራል? ከሰላሙ ኋላ ሁለት ነገር ብቻ ትጨምር። የፎርሙ መልእክት እንዲህ ቢሆን ኖሮ አስቢው፦

«ሰላም እትዬ፣ ጋሼ ደህና ነው፣ ቁርሱን በልቶ መድኃኒቱን ወስዷል። ፎርም እየሞላሁ ነበር፤ ላስት ኔም የሚለው ላይ የአባቴን ስም ነው የአያቴን የምጽፈው? እስከ ዓርብ ነው የሚቀበሉት። ሲመችሽ።»

መጀመሪያ አባትሽ አሉ፤ ልብሽ ያርፋል። ቀጥሎ ጥያቄው አለ። ቀኑ አለ፤ ዛሬ ይመለስ ነገ አንቺ ትመዝኛለሽ። «ሲመችሽ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ያቺኑ የመውጫ በር ትከፍታለች። ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብትልከው፣ አንቺ ከሥራ ስትወጪ በ8 ሰዓት መልሱ «ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው አድርጊው» ብሎ ደሴ ገብቷል። ሁለት ቀን የነበረው አምስት ሰዓት ሆነ።

ሁሉ ነገር ግን እንዲህ አይጻፍም፣ እሱንም እናክብርላት። የገንዘብ ነገር አለ፣ የልብ ነገር አለ፣ የቤት ውስጥ ጠብ አለ። ለዚያ ሌላ ዓረፍተ ነገር ስጫት፤ «ጋሼ ደህና ነው። በጽሑፍ የማይሆን የራሴ ጉዳይ አለኝ፤ ሲመችሽ ደውዪልኝ።» ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሳትናገር የማን እንደሆነ ነገረችሽ። ያ ይበቃል።

አንቺም የምታደርጊው አለ። «አቤት» የምትይበትን መንገድ ቀይሪው። ልማድ ቶሎ አይለቅምና አንድ ቀን መልሳ «ሰላም» ብቻ ብትልሽ፣ «ምነው?» ብለሽ አትመልሺላት። «ምነው» ጭንቀት ነው የሚሰማበት። «ሰላም ውዴ፣ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ያሰብሽውን ጻፊልኝ፣ ስወጣ አይቼ እመልስልሻለሁ» በያት። በአንድ መልእክት ሰላምታውን መለስሽ፣ ጥያቄውን ፈቀድሽ፣ መቼ እንደምትመልሺ ተናገርሽ። ሌሊት ይህን ሁሉ መጻፍ ከከበደሽ፣ ሁለት ፊደል ስትጽፊ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር የሚያወጣ ማስተካከያ የስልክሽ ኪቦርድ ላይ አለ፤ አንዴ ሞልተሽ አስቀምጪው።

የመልሷን መልክም እያየሽ ሂጂ። «ደህና ነኝ» ባልሽ በደቂቃ ውስጥ ጥያቄው ከመጣ፣ የፈለገችው መኖርሽን ማረጋገጥ ብቻ ነበር። ስለ ልጆቹ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ ሥራሽ ደጋግማ ከጠየቀች፣ ከባድ ነገር ይዛለች፤ አትቸኩዪባት፣ ደውዪላት። «ደህና ነኝ» ብለሻት ጭራሽ ከጠፋች ሐሳቧን ቀይራለች፤ በማግስቱ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ ጠይቂያት።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ አይቀር ሁለት ነገር ልበል። ምን ያህል መርዳት እንደምትችዪ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እሷ አታውቅም። በወር ወይም በዓመት የምትችዪውን ራስሽ አስቀድመሽ ብትነግሪያት፣ ፊትሽን ለማንበብ ያን ያህል አትዞርም። ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው። የሰው ቴሌግራም ሰብረው ገብተው በዘመድ ስም «ሰላም» የሚሉና ብር የሚጠይቁ፣ ወይም «ስልክሽ ላይ የገባውን ቁጥር ላኪልኝ» የሚሉ አሉ። ብር ከመላክሽ በፊት ድምፅዋን ስሚ። ቁጥሩን ደግሞ ለማንም፣ ለእሷም ቢሆን አትላኪ።

አክስትሽን ከልጅቷ በኋላ ደውዪላቸው፤ በፊት አይሁን። ግሩፑ ላይ ደግሞ ትልቅ ይቅርታ መጻፍ አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ልጅቷን እንደገና መሐል ማቆም ይሆናል። እሁድ ከተነጋገራችሁ በኋላ እዚያው ግሩፑ ላይ ስሟን ጠርተሽ «ሰላም፣ እንዴት ዋላችሁ?» ብትያት ቤተሰቡ በሙሉ ይገባዋል።

ያን «ተይው» ያለችሽን ነገር ግን እሁድ አታንሺባት። ገና ቁስሉ ሳይደርቅ ነው፤ «ምንም አልነበረም» ነው የምትልሽ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ስልክ ላይ፣ ጨዋታው ሞቅ ካለ በኋላ፣ «ያኔ ልትጠይቂኝ የነበረው ነገር አሁንም አለ?» በያትና ዝም ብለሽ ጠብቂያት።